ሶፍትዌር የሚያሠራ ነጋዴ ዋተርፎልን ይምረጥ ወይስ አጃይልን?

አንድ ነጋዴ የሱቁንና የመጋዘኑን ሒሳብ የሚይዝ ሶፍትዌር ለማሠራት ወደ ባለሙያዎች በሄደ ጊዜ፣ ገና ዋጋ ሳይነገረው አንድ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል። ይኸውም ሥራው በዋተርፎል ይሠራ ወይስ በአጃይል የሚል ነው። ባለሙያዎቹ ነገሩን የራሳቸው የሙያ ጉዳይ አስመስለው ስለሚያቀርቡት፣ ነጋዴው ብዙ ጊዜ «እናንተ እንዳያችሁት» ብሎ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሙያ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል፣ ስሕተት ቢኖር መቼ እንደሚታወቅና የስሕተቱን ዋጋ ማን እንደሚሸከም የሚወሰነው በዚሁ ምርጫ ነው። ስለዚህ መልሱን ለሠሪው መተው ውሉን ሳያነቡ ከመፈረም ብዙ አይለይም።

ዋተርፎል ማለት በአማርኛ ፏፏቴ ማለት ነው። ውሃ ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው ከወረደ በኋላ ተመልሶ እንደማይወጣ ሁሉ፣ በዚህ ዘዴ መጀመሪያ የአሠሪው ፍላጎት ተጠንቶ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ቀጥሎ ንድፉ ይወጣል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ይጻፋል፤ ተጽፎ ሲያልቅ ይፈተናል፤ በመጨረሻም ርክክብ ይደረጋል። አንዱ ደረጃ ተፈርሞ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። አጃይል የተባለው ግን ሥራውን ሁለት ሁለት ሳምንት በሚሆን ዙር ይከፋፍለዋል። በየዙሩ መጨረሻ ትንሽም ብትሆን የምትሠራ የፕሮግራም ክፍል ለአሠሪው ትቀርባለች፤ አሠሪው ከሞከራት በኋላ የሚቀጥለው ዙር ምን እንደሚሠራበት ይወሰናል።

የመጀመሪያው ዘዴ ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ዊንስተን ሮይስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ጽሑፍ ነው። ሮይስ ደረጃዎቹን በሥዕል ካሳየ በኋላ፣ ሥራው እንዲሁ በቀጥታ ብቻ ከወረደ ለውድቀት እንደሚጋለጥ አስጠንቅቆ ነበር፤ አዲስ ዐይነት ሥራ ሲሆንም አስቀድሞ ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም እንዲሠራ መክሮ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሥዕሉን ወሰዱና ማስጠንቀቂያውን ተዉት። አጃይል የሚለውን ስም ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 በዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ለዘዴያቸው ሰጡት።

በሁለቱ መካከል ለመምረጥ ነጋዴው ስለ ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሁለት ነገሮችን ራሱን ቢጠይቅ በቂ ነው። የመጀመሪያው፣ ነገሩ ከተሠራ በኋላ ሐሳብ መለወጥ ምን ያህል ያስከፍላል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የሚፈልገውን ነገር ሳያየው በትክክል ሊናገር ይችላል ወይ የሚለው ነው። መጋዘን የሚያሠራ ሰው የመሠረቱ ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ ምሰሶውን ሁለት ሜትር ወደ ግራ ልውሰድ ቢል የሚያወጣውን ያውቃል፤ የመጋዘኑን ስፋትና የበሩን ከፍታ ደግሞ በዕቃው ብዛትና በጭነት መኪናው ቁመት ለክቶ አስቀድሞ ሊናገር ይችላል። እንዲህ ላለው ሥራ ፏፏቴው ተገቢ ነው። «ግንቡን በየሁለት ሳምንቱ እያየን እንወስናለን» የሚል ተቋራጭ ቢመጣ ማንም አይሰማውም።

ሶፍትዌር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ ልዩነቱንም በአንድ ምሳሌ መመልከት ይሻላል። የመኪና መለዋወጫ አስመጪ የሆነ፣ አንድ መጋዘንና ሁለት ሱቆች ያሉት ነጋዴ አለ እንበል። የዕቃው ዐይነት 4,000 ያህል ነው። አንድ ድርጅት የሽያጭ፣ የዕቃ ቆጠራና የዱቤ ሒሳብ የሚይዝ ሶፍትዌር በስድስት ወር ውስጥ በ1,200,000 ብር ሠርቶ ሊያስረክብ ይዋዋላል። ክፍያው ውል ሲፈረም 30 በመቶ፣ ንድፉ ጸድቆ የፕሮግራሙ ጽሕፈት ሲጋመስ 40 በመቶ፣ በርክክብ ጊዜ 30 በመቶ ነው። ባለሙያዎቹ ነጋዴውንና ሒሳብ ሹሙን ለሦስት ሳምንት ጠይቀው ስልሳ ገጽ የሆነ ሰነድ አዘጋጁ፤ ነጋዴውም ፈረመበት። በሰነዱ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር፣ አንድ ስም፣ አንድ ዋጋና አንድ መለኪያ ይኖረዋል ተብሎ ተጽፏል። ለሚያነበው ሰው ምንም የጎደለው አይመስልም።

ነገር ግን በሱቁ ባንኮኒ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። ደንበኛ ሲመጣ የአምራቹን ቁጥር አይናገርም። ወይም አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ ይመጣል፣ ወይም «የቪትዝ የፊት ፍሬን ሸራ» ይላል። ሻጩ ይህ ሸራ ለሌላ መኪናም እንደሚሆን፣ አምራቹ የቀድሞውን ቁጥር ትቶ አዲስ ቁጥር እንዳወጣ፣ በመደርደሪያው ላይ ግን የሁለቱም ቁጥር ዕቃ እንዳለ በራሱ ያውቃል። ካንዴላ በካርቶን ገብቶ በመጋዘን በካርቶን ይቆጠራል፤ በሱቅ ግን አንድ ፍሬም ይሸጣል። ከዚህም በላይ የሚከብደው የመካኒኩ ነገር ነው። የታወቀ መካኒክ ጠዋት ይመጣና ልኩ ስላልታወቀ ሁለት ዐይነት ኩሽኔታ ይወስዳል፤ ማታ ያልገጠመውን ይመልሳል፤ የገጠመውንም ዋጋ ወይ ይከፍላል ወይ በዱቤ ያስጽፋል። ጠዋት የወጣው ዕቃ ሽያጭ ነው ወይስ አይደለም? ሻጩ ለዚህ ከመሳቢያው ውስጥ የምትኖር አንዲት ደብተር አለችው። ስለ ደብተሯ ለባለሙያዎቹ የነገራቸው የለም፤ ነጋዴው ነገሩን ሊደብቅ ፈልጎ ሳይሆን፣ የዕለት ልማድ ሆኖ ስለ ኖረ ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑ ትዝ ስላላለው ነው።

ሥራው በፏፏቴው መንገድ ከሄደ ሻጩ ፕሮግራሙን የሚያየው በአምስተኛው ወር፣ ፈተና ሲጀመር ነው። በዚያ ጊዜ ከ1,200,000 ብር ውስጥ 840,000 ብር ተከፍሏል። ሻጩ «የቪትዝ ፍሬን ሸራ» ብሎ ሲጽፍ ምንም አይወጣም፤ ለመካኒኩ የሚወጣውን ዕቃ ለመመዝገብ ቢሞክር ደግሞ ፕሮግራሙ ደረሰኝ ካልቆረጥክ አላልፍም ይለዋል። አንድ ዕቃ አንድ ቁጥር የሚለው ውሳኔ የሽያጩ፣ የቆጠራው፣ የዱቤውና የወሩ ሪፖርት ሁሉ መሠረት ሆኖ ስለ ተሠራ፣ እርሱን መለወጥ የደረቀውን ኮንክሪት እንደ መስበር ይሆናል። ሠሪው ድርጅት ሰነዱን አውጥቶ የነጋዴውን ፊርማ ያሳያል፤ በሕግም በኩል እውነት አለው። ነጋዴው ወይ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል፣ ወይም ሻጩ ፕሮግራሙን ለይስሙላ ከፍቶ በመሳቢያው ደብተር መሥራቱን ይቀጥላል። ሁለተኛው ከሆነ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። የሚታወቀው ከጥቂት ወራት በኋላ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው የዕቃ ብዛትና በመደርደሪያው ላይ ያለው ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው።

ያው ሥራ በዙር ቢሠራ ስድስቱ ወር ወደ አሥራ ሁለት ዙር ይከፈላል፤ ለአንዱ ዙር 100,000 ብር ያህል ይደርሳል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር የሚሠራው ዕቃ መፈለጊያ ገጽ ብቻ ይሁን። ከ4,000ው ዐይነት ሁለት መቶው ይገባበትና ሻጩ በባንኮኒው ላይ ደንበኛ ሲመጣ ይሞክረዋል። የቁጥሩ ችግር በዚያው ሳምንት ይገለጣል፤ አንድ ዕቃ ብዙ ቁጥርና ብዙ መጠሪያ እንዲኖረው ተደርጎ ይታረማል። በላዩ የተሠራ ሌላ ነገር ስለሌለ እርማቱ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር ሽያጩ ሲደርስ የመካኒኩ ደብተር ይወጣል፤ «በሙከራ የወጣ ዕቃ» የሚባል ከሽያጭ የተለየ መዝገብ ይከፈትለታል። ነጋዴው ይህን ሁሉ ያወቀው ሻጩ ፕሮግራሙን ሲነካው ነው እንጂ ስለ ተጠየቀ አይደለም። በጥያቄና መልስ ብቻ ሊወጣ የማይችል ዕውቀት በብዛት ያለበት ሥራ ለአጃይል የሚስማማውም ስለዚህ ነው።

እስከዚህ የተነገረው አጃይልን ብቻ የሚያወድስ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ የደረሰበት ነገር ሁለቱንም ወገን ያስተምራል። ቢሮው የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር የጀመረውን የመጀመሪያ ሥራ፣ 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካወጣበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ተወው። በ2006 ሴንቲኔል የተባለውን ሌላ ሥራ በአራት ምዕራፍ ከፍሎ በጠቅላላው 425 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ገምቶ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ በውል ሰጠ፤ ማለቂያው 2009 ነበር። በጀቱ ወደ 451 ሚሊዮን ከፍ ካለ በኋላ፣ በ2010 ነሐሴ ግድም 405 ሚሊዮን ያህሉ ወጥቶ የተረከበው ከአራቱ ምዕራፎች ሁለቱን ብቻ ሆነ። በዚህ ጊዜ ቢሮው ሥራውን ወደ ራሱ እጅ መልሶ በጥቂት ሠራተኞች በሁለት ሁለት ሳምንት ዙር ያሠራው ጀመር፤ በሐምሌ 2012ም ሴንቲኔል ለሠራተኞቹ ሁሉ ሥራ ላይ ዋለ።

አጃይልን የሚሸጡ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ነገር ግን በአዲሱ ዘዴም ሥራው መጀመሪያ ያልቃል የተባለው በመስከረም 2011 ነበር፤ አሥር ወር ያህል ዘግይቷል። ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ነው። በ2011 ጥቅምት ላይ ብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ገብተው ሲሞክሩት ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሲመረመር አሮጌዎቹ ማሽኖች ጭነቱን ለመሸከም አቅም እንዳነሣቸው ታወቀ፤ አዲስ ማሽን መግዛትና መትከል አስፈለገ። የፕሮግራሙ ገጽ በየሁለት ሳምንቱ ሊታረም ይችላል። የማሽን አቅም ግን አስቀድሞ ተሰልቶ፣ ታዝዞና ተጓጉዞ የሚመጣ ነገር ስለሆነ በዙር አይታረምም። በአንድ ሥራ ውስጥ የፏፏቴና የዙር ክፍሎች አብረው መኖራቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም።

የመለዋወጫ ነጋዴውም ሥራ እንዲሁ ነው። ሻጩ የሚነካቸው ገጾች፣ ዕቃ መፈለጊያው፣ የዱቤው መዝገብና የሪፖርቶቹ መልክ በዙር ይሠሩ። ሁለት ክፍሎች ግን ከዙር ውጭ መሆን አለባቸው። አንደኛው ከግብር ጋር የሚገናኘው ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መሆኑ፣ በደረሰኝ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት፣ ደረሰኝ የተቆረጠለት ዕቃ ሲመለስ በምን ሰነድ እንደሚስተካከል፣ ነጋዴውና ሻጩ እየሞከሩ የሚወስኑት አይደለም። በደንብ የተጻፈ ስለሆነ መጀመሪያ ተጠንቶ፣ ተጽፎ፣ በሒሳብ ሹሙ ተፈርሞ እንደ ተጻፈው ይሠራ። «ለጊዜው እንዲህ እንሥራውና በሚቀጥለው ዙር እናሻሽለዋለን» ማለት በዚህ ቦታ አይፈቀድም፤ በመካከሉ የተቆረጠው ደረሰኝ ከደንበኛው እጅ ገብቷልና።

ሁለተኛው ከአሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ የሚሸጋገሩበት ቀን ነው። ሒሳቡን በሰኔ 30 የሚዘጋ ነጋዴ አዲሱን መዝገብ በሐምሌ 1 ቢጀምር ይበጀዋል፤ አለዚያ የአንዱ ዓመት ሒሳብ በሁለት ቦታ ይከፈልና ሒሳብ ሹሙ ሲያገናኝ ይኖራል። ይህ ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚመጣ ሥራው ከቀኑ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይታቀዳል። የዕቃዎቹ ስምና ቁጥር እስከ ግንቦት መጨረሻ ተጣርቶ ይገባል። በሰኔ አጋማሽ በአንድ እሑድ ሁሉም ሥራ እንደ እውነተኛው ሆኖ ይሞከራል፤ መጋዘኑ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ይገባል፣ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀና የት ላይ እንደ ተሳሳተ ይመዘገባል። ሙከራው ከከሸፈ ሽግግሩን ወደ ሌላ ጊዜ ለማስተላለፍ ሁለት ሳምንት ይቀራል። ይህ እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው ቀጥሎ የሚመጣበት ሥራ ስለሆነ፣ ከዚህ ላይ የፏፏቴው ዘዴ ጌታ ነው።

ነጋዴዎች አጃይልን ሲመርጡ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር ዘዴው ከእነርሱ ወገን አንድ ሰው መጠየቁን ነው። ይህ ሰው በየዙሩ የቀረበውን ክፍል አይቶ «ይህ ይሁን፣ ያ ይቅር» ለማለት ሥልጣን ያለው መሆን አለበት፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ለባለሙያዎቹ ጥያቄ መልስ መስጠት፣ በየዙሩ መጨረሻም ግማሽ ቀን መቀመጥ ይኖርበታል። ነጋዴው ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሲሄድ ውሳኔው ሁሉ እስኪመለስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ባለሙያዎቹ ዙሩን በግምት ይሞሉታል፤ ግምታቸውም ገንዘብ ይከፈልበታል። የሱቁን ሥራ የሚያውቅና ጌታው ያመነው ሰው ለዚህ ሊመደብ ካልቻለ፣ በአጃይል ከመጀመር ዝግጁ ሶፍትዌር ገዝቶ ልማድን ከእርሱ ጋር ማስማማት ይቀላል። ትንሽ ሱቅ ላለው ሰውማ በመጀመሪያም የሚሻለው ይኸው ነው።

ሥራው እየተበላሸ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። በፏፏቴው መንገድ የሚያስፈራው ምልክት የሚነካ ነገር ሳይኖር «ዘጠና በመቶ አልቋል» የሚል ሪፖርት ለሁለትና ለሦስት ወር መደጋገሙ ነው። የቀረው አሥር በመቶ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ የተሠሩትን ክፍሎች አገናኝቶ መሞከር ስለሆነ፣ ችግሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። በአጃይል በኩል ደግሞ ቀሪውን የሥራ ዝርዝር መቁጠር ይበቃል። በየዙሩ መጨረሻ የቀሩት ሥራዎች 40፣ ከዚያ 38፣ ከዚያ 41፣ ከዚያ 43 እያሉ ከሄዱ፣ ሥራው አላለቀም ብቻ ሳይሆን ወደ ማለቅም አልተጠጋም። አዲስ ሐሳብ ሲጨመር ሌላ ሐሳብ እንዲወጣ የሚያስገድድ ሰው የለም ማለት ነው። ሌላም ምልክት አለ፤ ለአሠሪው በባለሙያዎቹ ኮምፒዩተር ላይ ታይታ በሱቁ ባንኮኒ ላይ ያልዋለች ክፍል እንዳለቀች መቆጠር የለባትም።

የሚቀረው የውሉ ነገር ነው። ዋጋው፣ ጊዜውና የሥራው ዝርዝር ሦስቱም በአንድነት ታስረው በሥራውም በየዙሩ ሐሳብ እየተለወጠ ይሂድ የሚል ውል ሊፈጸም አይችልም፤ እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም ድርጅት ወይ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ጨምሯል፣ ወይ በኋላ ሊከራከር አስቧል። ዕቅድ ሲጠየቅ «እኛ አጃይል ነን» ብሎ ቀንና ዋጋ ከመናገር የሚሸሽ ባለሙያም አለ፤ እርሱም ቢሰናበት ይሻላል። ለመለዋወጫው ነጋዴ የሚስማማው ሥራውን በሁለት ክፍል መዋዋል ነው። የግብሩና የሽግግሩ ክፍል በተቆረጠ ዋጋና በተወሰነ ቀን ይታሰር። የቀረው ለአንድ ዙር 100,000 ብር ሆኖ ከአሥራ ሁለት ዙር እንዳያልፍ ጣሪያ ይደረግለት፤ የመጀመሪያው ክፍል ዋጋም ከዚያው ከ1,200,000 ብር ውስጥ ተቀንሶ ዙሮቹ በዚያው ልክ ይቀነሱ። በውሉ ላይ ነጋዴው በማናቸውም ዙር መጨረሻ የሠራውን ከፍሎ ሥራውን ሊያቆም እንደሚችል፣ በዚያን ቀንም እስከዚያ የተጻፈው የፕሮግራሙ ሶርስ ኮድና የገባው የዕቃ መዝገብ ሁሉ ለእርሱ እንደሚሰጥ ይጻፍ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች መጨረሻ ሻጩ ራሱ በባንኮኒው ላይ ሞክሮ ካልተስማማበት፣ የወጣው 200,000 ብር ነው።